በፍልሰታ የተጣለ እንቁላል፣ በጥቅምት የሚገባ ማር፦ ለተማሪዎች የንብ ማነብ መመሪያ ከጎንደር

በጎንደርና በዙሪያዋ አደይ አበባ ሲፈካና የኑግ ማሳው ቢጫ ሲለብስ ብዙ ጀማሪ ወደ ቀፎ ይሮጣል። ሣጥን ይገዛል፣ ቀፎ ያጸዳል፣ ንብ የሚያዛውርለት ሰው ይፈልጋል። አበባው ካለፈ በኋላ ቀፎው ሲከፈት ንቡ ሞልቷል፣ ማሩ ግን ለአንድ ቤት እንኳን አይበቃም። ንቡ ሰንፎ አይደለም። ቀሳሚዎቹ የደረሱት አበባው ሲረግፍ ስለሆነ ነው።

ይህ መመሪያ አንድን ህብረ ንብ ከባህላዊ ቀፎ ወደ ሣጥን ቀፎ አዛውሮ ዓመቱን ሙሉ ይከተለዋል። ለምሳሌ የያዝነው ከጎንደር ወደ ደምቢያ በሚወስደው አቅጣጫ ያለ፣ ኑግ የሚዘራበት ወይና ደጋ ቀበሌ ነው። ኑጉ ለመስቀል ማበብ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይቆያል እንበል። ዳባት ወይም ደባርቅ ደጋው ላይ ያላችሁ፣ ወይም ወደ አርማጭሆ ቆላ የወረዳችሁ፣ የአበባው ቀን ስለሚለይ ስሌቱን ያዙና ቀኑን ከራሳችሁ ማሳ ውሰዱ። አምና ኑጉ መቼ ማበብ እንደጀመረ ማሳው ያለው ገበሬ በደንብ ይነግራችኋል።

በቀፎው ውስጥ ያሉት

አንድ ህብረ ንብ ሦስት ዓይነት ንቦች አሉት። አባቶቻችን አውራ የሚሏት እናት ንብ ናት። አሁን ንግሥት የምንላት እሷን ነው፤ በቀፎው ውስጥ ለመራባት እንቁላል የምትጥለው እሷ ብቻ ናት። ሆዷ ረዘም ያለ፣ ክንፏ ከሆዷ ያጠረ ስለሆነ ከሌላው ትለያለች። ካደገችበት የሰም ቤት ከወጣች በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በአየር ላይ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች። ከዚያ በኋላ ከመንጋ ጋር ካልወጣች በቀር ከቀፎው አትወጣም።

ድንጉላ ወንዱ ንብ ነው። ዓይኑ ትልቅ፣ ጀርባው ደልደል ያለ ሲሆን መንደፊያ የለውም። ካልተዳቀለ እንቁላል ስለሚፈለፈል እናት እንጂ አባት የለውም። የቀሩት በሺዎች የሚቆጠሩት ሠራተኞች ናቸው። እነሱም ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸው ግን በዕድሜ ይለያያል። ዓመታዊውን የማር ዑደት ለመረዳት ቁልፉ ይኸው የዕድሜ ክፍፍል ነው።

ሠራተኛዋ ከእንቁላል እስክትወጣ 21 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ሦስት ቀን እንቁላል፣ ስድስት ቀን ያህል ክፍት እጭ፣ ከዚያም ቤቷ በሰም ታሽጎ 12 ቀን ትቆያለች። ንግሥት 16፣ ድንጉላ 24 ቀን ይወስዳሉ። ሠራተኛዋ ከወጣች በኋላም ወዲያው አበባ አትቀስምም። መጀመሪያ ቤት ታጸዳለች፣ ቀጥላ እጭ ትመግባለች፣ ከ12 እስከ 18 ቀን ዕድሜዋ ገደማ ሆዷ ሥር ካሉት እጢዎች ሰም እያወጣች የማር እንጀራ ትሠራለች። ከዚያ በር ትጠብቃለች። ወደ አበባ የምትወጣው በአማካይ ከ21 ቀን ዕድሜዋ በኋላ ነው።

21ና 21 ሲደመሩ 42 ቀን ይሆናሉ። ጳጉሜን 5 ቀን በምትሆንበት ዓመት ከመስከረም 17 ወደ ኋላ 42 ቀን ስትቆጥሩ ነሐሴ 10 ላይ ትደርሳላችሁ። የመስቀል ዕለት ኑግ ላይ የምታርፈው ንብ በፍልሰታ ጾም መካከል እንቁላል ነበረች ማለት ነው። ሌላውንም ጫፍ ቁጠሩት። ኑጉ ጥቅምት 30 የሚያልቅ ከሆነ ከመስከረም 18 በኋላ የተጣለ እንቁላል በኑጉ አይደርስም። ቤት ውስጥ ወለላ በማድረቅና በማሸግ ያግዛል፣ የሚቀስመው ግን የለም። ስለዚህ የማር ቀሳሚዎቻችሁ እንቁላል የሚጣለው ከነሐሴ 10 እስከ መስከረም 18 ባለው ጊዜ፣ ማለትም ዝናብ በሚበዛበት፣ ምግብ በሚያንስበትና ማንም ቀፎ በማይከፍትበት ወቅት ነው።

እጩን ማንበብ

ቀፎ ስትከፍቱ ንግሥቷን ካላየሁ ብላችሁ አትድከሙ። ሥራዋን ተመልከቱ። ጤናማ ንግሥት አንድ እንቁላል በአንድ ቤት፣ ወለሉ መካከል ላይ ታቆማለች። በዚያ ቤት እንቁላል ካያችሁ ንግሥቷ ቢያንስ ባለፉት ሦስት ቀናት ውስጥ ነበረች።

እንቁላል 3 ቀን፣ ክፍት እጭ 6 ቀን፣ የታሸገ እጭ 12 ቀን ስለሚቆይ፣ በየቀኑ እኩል የምትጥል ንግሥት ያለችው ቀፎ ውስጥ የታሸገው የክፍቱን እጥፍ፣ ክፍቱ ደግሞ የእንቁላሉን እጥፍ ይሆናል። እንቁላሉና ክፍቱ እጭ ከዚህ ልክ በዝቶ ከታየ ህብረ ንቡ እያደገ ነው። የታሸገው ብዙ ሆኖ እንቁላሉ ጥቂት ከሆነ ንግሥቷ መጣል ቀንሳለች። ነሐሴ መካከል ላይ ይህን ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ረሃብ ነው።

በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት እንቁላል፣ ያውም በቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካያችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ንግሥት ከጠፋች ሳምንታት አልፈዋል፤ ሠራተኞች ራሳቸው መጣል ጀምረዋል ማለት ነው። ከእነሱ የሚወጣው ድንጉላ ብቻ ስለሆነ ያ ቀፎ እየመነመነ ያልቃል። ያን ጊዜ ለቀፎው ንግሥት ከመስጠት ይልቅ ንቡን ጠንካራ ጎረቤት ቀፎ ላይ ማዋሃድ ይሻላል፤ ሠራተኞቹ አዲስ ንግሥት በቀላሉ አይቀበሉምና።

ሦስቱ የቀፎ ዓይነቶች

ባህላዊው ቀፎ ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከሌላ ተጣጣፊ እንጨት ተሠርቶ በጭቃና በእበት የሚለቀለቅ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል የሆነ ድቡልቡል ቀፎ ነው። በጎጆ ጣሪያ ሥር ወይም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ይይዛል። ችግሩ እንጀራው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ ሳይቆረጥ መመርመር አለመቻሉ ነው። ማሩ ሲቆረጥ እጩም አብሮ ይቆረጣል። በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ከተገኘ ብዙ ነው።

የሽግግር ቀፎው ግድግዳው ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ረጅም ሣጥን ሲሆን ንቦቹ እንጀራቸውን የሚሰቅሉት ላዩ ላይ በተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች ላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልኬት አትሳሳቱ፤ የአግዳሚው ስፋት ለእኛ ንብ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። አናጢው 3 ተኩል ሴንቲ ሜትር አድርጎ ከሠራው የእንጀራው መስመር ከእንጨቱ መስመር ቀስ በቀስ ይሸሽና ከሰባትና ስምንት እንጀራ በኋላ አንዱ ሁለት አግዳሚ ይዞ ይሠራል። ያን ጊዜ ሽግግሩ ቀርቶ ቀፎው ተመልሶ ባህላዊ ይሆናል። በአገር ውስጥ ዕቃ መሥራት ስለሚቻልና የማር ማውጫ ማሽን ስለማያስፈልገው ለትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀፎ ይህን እንመርጣለን።

ዘመናዊው ሣጥን ቀፎ፣ በአገራችን በብዛት ዛንደር የሚባለው፣ ከታች የእጭ ክፍል ከላይ የማር ክፍል አለው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 10 ፍሬም ይገባል። ፍሬሙ ተነቅሎ ተመርምሮ ይመለሳል፤ እንጀራው በማሽን ማሩ ከወጣለት በኋላ ለሚቀጥለው ዙር ያገለግላል። የሣጥኑ ምስጢር ክፍተቱ ነው። በፍሬሙ ጠርዝና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲኖር ንቦች እንደ መተላለፊያ ይተዉታል። ከዚያ ካነሰ በንብ ሙጫ ይደፍኑታል፣ ከበለጠ እንጀራ ይሠሩበታል። ሣጥን ስትገዙ ፍሬም አስገብታችሁ ትንሿን ጣታችሁን በጎኑ ለማሳለፍ ሞክሩ። ጣቱ እንደ ልብ ካለፈ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ በእርሳስ ውፍረት ልክ ከሆነ ደህና ነው።

የሚቀጥለው ሥራ በሣጥን ቀፎ ነው፤ የቀኑ ስሌት ግን ለሽግግሩም ያው ነው።

ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 5፦ መመገብ

ንቡ ገና በባህላዊው ቀፎ ውስጥ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በየሁለት ቀኑ አንዴ ማታ ማታ ግማሽ ሊትር የስኳር ውሃ ስጡት። አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ውሃውን አፍሉና ከእሳት አውርዳችሁ ስኳሩን አሟሙበት፤ ስኳሩ እሳት ላይ ሆኖ ካረረ ለንብ ይጎዳል። ይህ ልክ አንድ ሊትር ከ600 ያህል ይወጣዋል። እስከ መስከረም 5 ባለው 40 ቀን ውስጥ 20 ጊዜ ትሰጣላችሁ፣ 10 ሊትር ማለት ነው፤ ለአንድ ቀፎ ከ6 ኪሎ ትንሽ የሚያልፍ ስኳር ያስፈልጋችኋል።

የስኳር ውሃውን በዝርግ ሳህን አድርጋችሁ ላዩ ላይ ጭድ ወይም ቀጫጭን ጭራሮ በትኑበት፤ አለዚያ ንቦቹ ይሰምጣሉ። በቀፎው የኋላ ክዳን በኩል ወደ ውስጥ አስገቡት። ስኳር ጉልበት ነው እንጂ እጭ አያሳድግም። እጭ የሚያድገው በአበባ ዱቄት ነው፤ በዝናቡ ሰሞን እሱ ያንሳል። በአገራችን የቆየው መላ በሶ ወይም የሽሮ ዱቄት ነው። ቅመምና ጨው ያልነካው፣ በደንብ የደቀቀ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በደረቅ ሳህን ላይ አድርጉላቸው። በሦስት ቀን ካላነሱት አውጡት፣ ይሻግታል።

ምግቡን ቀን ላይ ከሰጣችሁ፣ ወይም ቀፎው ደጅ ላይ ካንጠባጠባችሁ፣ ከሌላ ቀፎ የመጡ ንቦች ዘረፋ ይጀምራሉ። ደጁ ላይ ተቃቅፈው የሚወድቁ ንቦችና ጸጉራቸው ተመልጦ የሚያብረቀርቁ ንቦች ምልክቱ ናቸው። በሩን አንድ ሁለት ንብ ብቻ እስክታልፍ አጥብቡት፣ ምግቡንም ለሁለት ቀን አቁሙ። ጉንዳን ሌላው ጠላት ነው። ቀፎው የተቀመጠበትን መደብ አራቱን እግር አመድ ክበቡበት፤ ዝናብ አመዱን ስለሚያጥበው በየሳምንቱ መልሱ። መደቡን የነካ አንድ ረጅም ሣር ለጉንዳን ድልድይ ነውና ዙሪያውን እጨዱ።

መስከረም 5 ላይ ማቆም ግዴታ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ስኳር ማር ክፍሉ ውስጥ ይገባል፤ የምትሸጡትም ማር መሆኑ ይቀራል።

መስከረም 10፦ ማዛወር

ብዙ ቦታ ሲያዛውሩ እጩን ጥለው ንቡን ብቻ ያራግፋሉ። ለምን እንደማይገባ ቁጠሩት። መስከረም 10 ላይ ታሽጎ የሚገኘው እጭ ከነሐሴ 24 እስከ መስከረም 1 የተጣለ ነው። ያ ንብ ለአበባ የሚወጣው ከጥቅምት 1 እስከ ጥቅምት 13፣ ኑጉ በሙሉ ኃይሉ ባለበት ጊዜ ነው። የዛንደር ፍሬም ሁለቱም ጎኑ ሙሉ ሲሆን 8 ሺህ ያህል ቤት ይይዛል። ግማሽ ግማሻቸው የታሸጉ ሦስት ፍሬሞች ማለት 12 ሺህ ቀሳሚ ነው። እጩን መጣል እሱን መጣል ነው።

ሣጥኑን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ውስጡን በጠጅ ሣር እሹት፤ ሽታው ንቦች እርስ በርስ ከሚጠራሩበት ሽታ ጋር ይቀራረባልና በቀላሉ ይቀበሉታል። ስድስት ፍሬም ላይ የሰም አሻራ፣ ማለትም የንብ ቤት ቅርጽ የታተመበት ስስ የሰም ሉህ፣ ለጥፉ፣ አራቱን ባዶ ሽቦ አልባ ተዉት። የሰም አሻራ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሞራ ወይም ሻማ የተቀላቀለበት ሰም ገበያ ላይ አለ፤ ንቦቹ አይሠሩበትም፣ ቢሠሩበትም በሙቀት ተልመጥምጦ ይወርዳል። ንጹህ ሰም በእጅ ሲሟሽ የማር ሽታ ይሸታል፣ ሲታኘክ እየተፈረፈረ ይደቅቃል። ጥርስ ላይ እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ወይም እጅ ላይ ቅባት ከተወ አትግዙት።

ሥራውን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። ጨለማው ቶሎ ስለሚመጣ የተቆጣ ንብ ሩቅ አይሄድም። በአካባቢው የታሰረ በቅሎ፣ አህያም ሆነ ዶሮ ካለ ራቅ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ የታሰረ እንስሳ መሸሽ ስለማይችል ንብ ይጨርሰዋል። ቢያንስ ሦስት ሁኑ፤ አንዱ ያጭሳል፣ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ፍሬም ያስራል። ሁሉም ቱታ፣ የፊት መሸፈኛና ጓንት ይልበስ። የሱሪው እግር ካልሲ ውስጥ ይግባ።

ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት አቀጣጥላችሁ ላዩን በእርጥብ ሣር ክደኑት። ጢሱን እጃችሁ ላይ ሞክሩት፤ ካቃጠላችሁ ንቡንም ያቃጥላል። በበሩ ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ንቦቹ በጢሱ ደንግጠው ማር ይጠጣሉ፤ ሆዷ የሞላ ንብ ለመንደፍ ትለዝባለች። ጢስ ማብዛት ግን ንቡን ያሸሻል፣ ንግሥቷም እንጀራው ጫፍ ላይ ትደበቅባችኋለች።

አሮጌውን ቀፎ ከቦታው አንስታችሁ አጠገብ አድርጉት፤ ሣጥኑን ልክ አሮጌው የነበረበት ቦታ፣ በሩ ወደዚያው አቅጣጫ ሆኖ አስቀምጡት። ከእርሻ የሚመለሱት ንቦች የሚያውቁት ቦታውን እንጂ ቀፎውን አይደለም። የኋላ ክዳኑን ክፈቱ። መጀመሪያ የምታገኙት ማር ነው፤ ቆርጣችሁ ወዲያው ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ክተቱት። ቀጥሎ የእጭ እንጀራ ይመጣል። እያንዳንዱን ከሥሩ ቆርጣችሁ፣ ንቦቹን በለስላሳ ብሩሽ ወደ ሣጥኑ ጥረጉ፤ እንጀራውን በዝርግ ጣውላ ላይ አስተኝታችሁ ባዶውን ፍሬም ላዩ ላይ አድርጉና በልኩ ቁረጡት። ላዩና ታቹ እንደነበረ ይሁን፤ የቤቶቹ አፍ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበለ ስለሆነ ከተገለበጠ እጩ ይጎዳል። በጥጥ ክር ሦስት ቦታ እሰሩት። በሳምንት ውስጥ ንቦቹ እንጀራውን ፍሬሙ ላይ ያጣብቁና ክሩን ራሳቸው አኝከው በበሩ ያወጡታል። የናይሎን ገመድ ግን ስለማይበላ ይቀራል።

የእጭ ፍሬሞቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል መካከል ላይ፣ አሻራ የያዙትን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በግራና በቀኝ አስገቡ። በዚህ ሁሉ መካከል ንግሥቷን ያገኘ ሰው ቶሎ ወደ ማጎሪያዋ ያስገባት። ማጎሪያውን በሁለት የእጭ ፍሬሞች መካከል አንጠልጥሉት። ከቀፎው ግድግዳ ላይ የቀሩትን ንቦች ሣጥኑ ደጅ ላይ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ አራግፉ። አሁን ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። በሩ ላይ ያሉት ንቦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አንስተው ክንፋቸውን የሚያርገበግቡ ከሆነና የቀሩት እንደ ጅረት ወደ ውስጥ የሚገቡ ከሆነ ንግሥቷ ውስጥ ናት። ዛፍ ላይ ወይም አሮጌው ቀፎ ሥር ከተሰበሰቡ እሷም እዚያ ናት፤ እዚያ ፈልጓት።

ስትነደፉ መንደፊያውን በጥፍር ፋቅ አድርጋችሁ አውጡት እንጂ አትጭመቁት፤ ቦታውንም በጢስ እጠኑት፣ ሽታው ሌሎችን ይጠራልና። ፊቱ ወይም ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ተማሪ ካለ ሥራው ይቁምና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ይህ የሚጠበቅ እብጠት አይደለም።

ንግሥቷ ብትሞትስ?

በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 13፣ ንግሥቷን ፍቱ። መስከረም 20 ላይ አዲስ እንቁላል ፈልጉ። እንቁላል ካለ ማዛወሩ ተሳክቷል። እንቁላል ጠፍቶ በእጭ እንጀራው መካከል ላይ እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት ወደ ታች የተንጠለጠለ ቤት ካያችሁ ግን ንግሥቷ በማዛወሩ ዕለት ተጨፍልቃለች፣ ንቦቹም ከሠራተኛ እጭ አዲስ እያሳደጉ ነው።

ይህ ምን ያህል ማር እንደሚያስከፍል ከቀኑ ላይ ይታያል። መስከረም 10 ላይ ከአንድ ቀን እጭ የተጀመረች ንግሥት መስከረም 22 ገደማ ትወጣለች። ተገናኝታ መጣል የምትጀምረው ከጥቅምት 2 እስከ 6 ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ልጇ የምትወጣው ጥቅምት 23 አካባቢ፣ የምትቀስመው ደግሞ ከኅዳር 14 ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ የኑጉ አበባ አልፏል። በዚያ ዓመት የምታገኙት ማር ቀድሞ የተጣለው እጭ የሚያመጣው ብቻ ነው። ቤቷን አትንኩባቸው፣ ማር ክፍልም አትጨምሩ፤ ህብረ ንቡን ለመጪው ዓመት አትርፉት። ንግሥቷን ከመቁረጥ በፊት ፈልጎ ማጎር የምንጨነቅበት ለዚህ ነው።

የማር ክፍል መጨመርና የመንጋ ጊዜ

ከአሥሩ ፍሬም ስምንቱ ተሠርቶ በንብ ሲሸፈን የማር ክፍሉን ጨምሩ። በምሳሌያችን ይህ ጥቅምት 1 አካባቢ ይሆናል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የንግሥት ማገጃ ወንፊት አድርጉ፤ ሠራተኛ ያልፋል፣ ንግሥት አታልፍም፤ ስለዚህ ማሩ ውስጥ እጭ አይኖርም።

ቸኩላችሁ በአምስት ፍሬም ንብ ላይ ከጨመራችሁ የጎንደር የጥቅምት ሌሊት ብርድ እጩን ይመታዋል። ንቡ ሞቅታውን ሰፊ ቦታ ላይ መጠበቅ አይችልም፤ ያልተሸፈነውን እንጀራም የሰም ትል ይገባበታል። ከዘገያችሁ ደግሞ ወለላው የእጭ ክፍሉን ይሞላና ንግሥቷ መጣያ ታጣለች፤ ቀጥሎ መንጋ ይወጣል። መንጋ ሲወጣ አሮጊቷ ንግሥት ከንቡ ግማሽ ያህሉን ይዛ ትሄዳለች፤ ማሩም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 20 በየሰባት ቀኑ የእንጀራውን የታችኛውን ጠርዝ እዩ። የመንጋ ንግሥት ቤት እዚያ ይንጠለጠላል፤ ከእንጀራው መካከል ከሚሠራው የድንገተኛ ቤት የሚለየው በዚህ ነው። እንቁላል ከተጣለ በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ቀን ይታሸጋል፤ መንጋውም በዚያው ሰሞን ይወጣል። ሰባት ቀን ያልነው ለዚህ ነው፤ በአሥር ቀን የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የታሸገ ቤትና የቀነሰ ንብ ነው። ቤቶቹን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቦታም ስጡ። አንድ ቤት ካመለጣችሁ ሥራው ሁሉ ከንቱ ስለሆነ ንቦቹን ከፍሬሙ አራግፋችሁ ጠርዙን በሙሉ ፈትሹ።

ማር መቁረጥ

ኑጉ ሲያልቅ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ የማር ክፍሉን ክፈቱ። ከፍሬሙ ቤቶች ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ በሰም የታሸገው ደርሷል። የተጠራጠራችሁትን ፍሬም በአግድም ይዛችሁ አንዴ ወደ ታች ሰበቅ አድርጉት። ወለላው ከተንጠባጠበ ውሃው ገና አልደረቀም፤ መልሱት። ውሃው ከመቶ ከ20 በላይ የሆነ ማር ጋን ውስጥ ይቦካል፤ አረፋ ያነሳል፣ ይኮመጥጣል።

ከአሥሩ ስድስት ፍሬም ደርሷል እንበል። አንድ ሙሉ የዛንደር ፍሬም 2 ኪሎ ያህል ማር ይይዛል፤ ስለዚህ 12 ኪሎ ይወጣል። አሻራውን ራሱ ለሠራ የመጀመሪያ ዓመት ቀፎ ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ብዙ ኪሎ ማር ይበላሉና። የተሠራው እንጀራ ስለሚቆይ በሁለተኛው ዓመት ያ ወጪ ይቀራል። ለዚህ ነው ማሩን በማሽን ማውጣትና እንጀራውን መመለስ የሚያዋጣው።

የምትቆርጡት ማታ ነው። ንቦቹን በብሩሽ እያራገፋችሁ ፍሬሙን ወዲያው ዝግ ቤት ውስጥ አስገቡ። የማሸጊያውን ሰም ሙቅ ውሃ ውስጥ በተነከረና በተጠረገ ቢላ ግፈፉ፣ በማውጫው አሽከርክሩ፣ በወንፊትና በንጹህ ሻሽ አጥልሉ። በተከደነ ዕቃ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፤ አረፋና የሰም ፍርፋሪ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀፍፋችሁ አውጡ። እሳት ላይ አትጣዱት። በብርዱ ከረጋ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ይፈታል። የእጭ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማር ግን አትንኩ፤ እሱ የንቡ ስንቅ ነው።

ከኅዳር በኋላ

በጥርና በየካቲት እንደ ግራዋ ያሉ ቁጥቋጦዎች ጥቂት ያቆዩታል። ከዚያ እስከ ሚያዝያ ድርቅ ነው። የማር ክፍሉን አንሱና ባዶዎቹን ፍሬሞች ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ አራርቃችሁ ስቀሉ፤ የሰም ትል የሚወደው ጨለማና የታፈነ ቦታ ነውና። ቀፎው ጥላ ያግኝ፣ ውሃ በጠጠር በተሞላ ሳህን አጠገቡ ይቀመጥ። ውሃና ምግብ ያጣ ህብረ ንብ አንድ ጠዋት ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ሊኮበልል ያሰበ ቀፎ ውስጥ እንቁላል የለም፣ እጩም እየወጣ አልቋል፣ የተጠራቀመው ማርም ተልሷል፤ ይህን ስታዩ በዚያው ማታ መግቡ።

በግንቦት ባሕር ዛፍና ብሳና ሲያብቡ ሁለተኛ፣ አነስተኛ የማር ጊዜ ይመጣል። ኑጉ የሚያህል አይደለም። የእጭ ክፍሉ ጠርዝ ላይ ያሉት ፍሬሞች በማር ከከበዱ ለክረምቱ ይቅሩላቸው፤ ሰኔ ላይ ይህን ማር የቆረጠ ሰው ነሐሴ ላይ ሁለት እጥፍ ስኳር ይገዛል። በሰኔ መጨረሻ ጣሪያው ውሃ እንዳያስገባ እዩ፣ ቀፎውን ከኋላው በሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ወደ በሩ አዘንብሉት፤ የገባ ውሃ በበሩ ይወጣል። የዘንድሮ ኑግ ማበብ የጀመረበትን ቀን ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ ጻፉ፤ ለመጪው ዓመት 42 ቀን ወደ ኋላ የምትቆጥሩት ከእሱ ላይ ነው።